ከመንዝ ለምንጃር፦ በቀለበት ዕለት የወንድ ወገን ሽማግሌ ያቀረቡት ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

አባቶቻችን ካህናት፣ የቤቱ ባለቤት ጋሽ ሞገስ፣ ወይዘሮ አስካለ፣ የሰላማዊት አጎቶችና አክስቶች፣ የሠፈሩ ሽማግሌዎች፣ ጎረቤቶችና ወዳጆች፤ እንደምን ዋላችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ትናንት ቁስቋምን አክብረን፣ ዛሬ ኅዳር 7 በጊዮርጊስ ዕለት፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ ፊታችሁን ለማየት ላበቃን አምላክ ክብር ምስጋና ይድረሰው። ጤፉ አጨዳ ላይ እንደሆነ በመንገዳችን ግራና ቀኝ እያየን ነው የመጣነው። ማጭዳችሁን አስቀምጣችሁ፣ ወንፈላችሁን አሳድራችሁ እኛን መቀበላችሁ ምን ያህል ክብር እንደሆነ እናውቃለን፤ እኛም ገበሬዎች ነን።

ጋሽ ሞገስ፣ ቆሜ እንድናገር ይፈቀድልኝ። ቤታችሁ አልጎደለም፤ አስቀምጣችሁናል፣ አብልታችሁናል፣ አጠጥታችሁናል። ነገር ግን የሰው ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ ቆሞ ሲናገር ነው ያየሁት፤ እኔም ይህን ከአባቶቼ ስለወረስኩ ነው።

መጀመሪያ የመጣነው ነሐሴ 25 ነበር፤ ታስታውሳላችሁ። አራት ሆነን፣ ጭቃው ጫማችን ላይ እንዳለ፣ ከደጃችሁ ካለችው ግራር ሥር ቆምን። "ግቡ" ስትሉን "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አልን። "ልጃችሁን ለልጃችን" ብለን የመጣንበትን ስንናገር፣ ጋሽ ሞገስ ፊታቸውን ሳያጠቁሩ፣ ግን ሳይቸኩሉም፣ "ከዘመድ እንመክራለን፤ ልጅቷንም እንጠይቃለን" ብለው ለመስከረም 25 ቀጠሩን። ያን ዕለት አገር ቤት ስንመለስ የልጁ አባት "ምን አሉ?" ብሎ መንገድ ላይ ጠበቀን። "እንመክራለን አሉ" ስንለው፣ "ልጅቷንም እንጠይቃለን ካሉማ ደግ ሰዎች ናቸው" ነው ያለው። ይህን በፊታቸው መናገሬን አይቆጡኝም።

በመስከረሙ ቀጠሮ ሰላማዊት ራሷ፣ ከእናቷ ጎን ቆማ፣ "ፈቃዴ ነው" ስትል በጆሯችን ሰማን። እኛ የፈለግነው ይህንኑ ነበር። ከልጅቷ አንደበት ያልወጣ እሺታ ቢሰጠን ኖሮ ተቀብለን አንሄድም ነበር።

እንግዲህ ዛሬ የመጣነው ለመለመን ብቻ ሳይሆን ማን እንደሆንን ልናሳያችሁም ነው። ልጃችሁን የምትሰጡት ለአንድ ወጣት ብቻ አይደለም፤ ለአንድ ቤት ነው፤ ቤቱን ደግሞ አላያችሁትም። ስለዚህ ቤቱን ይዘን መጥተናል።

እኔ የዳዊት የክርስትና አባት ነኝ። በ40 ቀኑ ከካህኑ እጅ የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ስለ እርሱ የምመሰክረው በዚያ ኃላፊነት ነው።

በቀኜ ያሉት የዳዊት አባት አቶ ወንድይራድ ናቸው። የመንዝ ገራ ሰው ናቸው፤ ከመሐል ሜዳ ዝቅ ብሎ ባለች መንደር ገብስ፣ ባቄላና ጥቂት ስንዴ ያርሳሉ፤ በግ ያረባሉ። አገራችን እንደ ምንጃር አይደለም። እናንተ ጤፍና ሽምብራ የምታፍሱበት ምድር ሙቅ ነው፤ የእኛ ደጋ ውርጭ ያለበት ነው፤ በአንድ ሌሊት ውርጭ የዓመት ገብስ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ከቶ እንዲህ ያለ አገር ምን ያስተምራል ብትሉ፣ መጠበቅን ያስተምራል። ጓሳን ሰምታችሁ ይሆናል። የመንዝ ሰው ቄሮ በሚባለው የጥንት የጥበቃ ሥርዓት የጓሳን ሣር ዓመታት ዘግቶ፣ ማንም እንዳይገባበት ጠብቆ፣ የሚከፈትበት ጊዜ ሲደርስ ብቻ አጭዶ፣ ተካፍሎ፣ ቤቱን ይከድን ነበር። አቶ ወንድይራድ ከዚህ ሕዝብ የወጡ ናቸው። ያልደረሰን አያጭዱም፤ የሰው ድርሻ አይነኩም። ከእርሳቸው ጋር 30 ዓመት ወሰን ተጋርቼ አንድ ቀን ወሰን አልገፉኝም።

እናቲቱ ወይዘሮ ጌጤነሽ እነሆ። ብዙ አይናገሩም፤ ዛሬም ስለ እርሳቸው የሚናገረው ይህ ከጭናቸው ላይ ያለው ባና ነው። በጎቹ የራሳቸው ናቸው፤ ጸጉሩን ሸልተው፣ አጥበው፣ በእንዝርት ፈትለው፣ ለሸማኔ ሰጥተው ያሠሩት ነው። ከጥቁርና ከነጭ በግ ጸጉር ስለሆነ ምንም ቀለም አልነካውም። እስቲ አንዴ በእጃችሁ ዳሱት፤ ሸካራ ነው፣ ከባድ ነው፣ በመጀመሪያው ሌሊት አንገት ያሳክካል። ግን ለልብ የሚሆን ሙቀት አለው። ይህን የጀመሩት ዳዊት ሥራ በያዘ በዓመቱ ነው፤ "ለማን ነው?" ስንላቸው "ለምትመጣው ልጅ እናት" ይሉን ነበር። የምትመጣዋን ሳያውቁ ለእናቷ ፈተሉላት። ወይዘሮ አስካለ፣ የእርስዎ ነው። አገርዎ ሙቅ ነው፤ ቢሆንም ልጅዎን ልትጠይቁ ወደ ደጋ ስትመጡ ያስፈልጋል።

ከኋላቸው ያሉት ታላቅ እኅቱ ወይዘሮ ትርንጎ፣ ታናሽ ወንድሙ አቤልና የመጨረሻዋ እኅቱ ብሩክታዊት ናቸው። አጎቱ መርጌታ ወልደ ሰንበትም አብረውን አሉ። ሌሎች ዘመዶቻችን አዝመራ ላይ ስለሆኑ ቀርተዋል፤ ሰላምታ ልከዋል።

ስለ ዘር ቆጠራው እንደ ሥርዓታችን ሰባት ቤት ቆጥረናል፤ እናንተም ቆጥራችኋል። ከእኛ ወገን በአምስተኛው ቤት ላይ ግን ቆም ያልንበት ነገር ነበር። በሁለቱም ወገን አንድ ስም ገጠመ፤ በእኛ ሐረግም በእናንተም "ወልደ ጊዮርጊስ" የሚባል ሰው አለ። ይህን ችላ ብለን ብናልፈው ማንም አያውቅብንም ነበር። አላደረግነውም። የአቶ ወንድይራድ አክስት፣ ከ90 ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ዓይናቸው ቢደክምም ቆጠራ የማይስቱ፣ ከበራቸው ፀሐይ እየሞቁ ሳለ ሄደን ጠየቅናቸው። "የእኛው ወልደ ጊዮርጊስ ከገራ አልወጣም፤ ሚስቱም የማማ ልጅ ናት" ብለው ልጆቹን አንድ በአንድ ጠሩልን። የእናንተን ቆጣሪ ደግሞ በስልክ ስንጠይቅ የእናንተው ወልደ ጊዮርጊስ የቡልጋ ሰው ሆነው ተገኙ። ዝምድና እንደሌለ ከዚያ በኋላ ነው ያረጋገጥነው። ይህን ያነሳሁት ስለ ሥርዓቱ ብቻ አይደለም፤ ስለ ልጆቹ ስንሠራ እንዴት እንደምንሠራ እንድታውቁ ነው።

አሁን ስለ ዳዊት። እዚሁ ተቀምጧል፤ ፊቱን ሳያቀና ያዳምጣል፤ ስለ ራሱ ሲወራ እንዲህ ነው። ደብረ ብርሃን በነርስነት ይሠራል። ሰላማዊትም እዚያው አስተማሪ ናት፤ የተዋወቁትም በዚያ ነው። ሁለቱም አድገው፣ ተምረው፣ በራሳቸው አንደበት የተስማሙ ናቸው።

ሽማግሌ የመጣለትን ልጅ ሲያወድስ እውነቱን እንዳይሸፍን እፈራለሁና የማይሸፈነውን ልናገር። ዳዊት ደመወዙን ለብቻው አይበላም። አባቱ ታመው ለሁለት ዓመት እርሻ በተውበት ጊዜ የቤቱን ወጪ የተሸከመው እርሱ ነው። አሁንም የብሩክታዊትን የትምህርት ወጪ የሚከፍለው እርሱ ነው፤ ገና ሁለት ዓመት ይቀራታል። አባትየው ለሕክምና የተበደሩትም ገንዘብ አለ፤ ግማሹ ተከፍሏል፤ ቀሪውን በመጪው ሰኔ እንጨርሳለን። ሰላማዊት ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ እርሱ ራሱ ነግሯታል። ግን ለእናትና ለአባቷ ከእኛ አፍ ካልተነገረ ነገ "ደበቃችሁን" የሚል ቅሬታ ይመጣል። ስለዚህ ቤቱ ገና ሀብታም አይደለም። ግን ያለበትን ዕዳ የሚያውቅ፣ የሚከፍልና የማይክድ ቤት ነው።

ከተወቀሰ ደግሞ የሚወቀስበት አንድ ነገር አለ፤ ሲናደድ ዝም ይላል። ሰላማዊት ልጄ፣ ዝም ሲልሽ ተጣላኝ አትበይ፤ አንድ ቀን ጠብቂው። ከዚያ በኋላ ዝም ካለሽ እኔን ጥሪኝ፤ ልጄን ተቆጥቼው አውቃለሁ።

ስለ ሰላማዊትም እኛ የሰማነውን እንናገር። ተማሪዎቿ በበዓል ቀን ቤቷ ድረስ እየመጡ "እንኳን አደረሰሽ" እንደሚሏት ሰምተናል። በጠና የታመሙ ጎረቤቷን ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ይዛ ሄዳ ሳምንት እንዳስታመመች ሰምተናል። ዳዊት ነርስ ቢሆንም፣ "በማስታመም ትበልጠኛለች" ብሎን ነበር። ጋሽ ሞገስ፣ ወይዘሮ አስካለ፣ እንዲህ ያለች ልጅ ያሳደጋችሁ እጃችሁ ይባረክ።

እንግዲህ ይዘነው የመጣነውን እናቅርብ። ለሰላማዊት ቀለበቱንና የሐበሻ ቀሚሱን፣ ለአባቷ ጋቢ፣ ለእናቷ ባናውን፣ ለአያቷ ነጠላ። ሌላ የለም። እናንተም ብዙ አልጠየቃችሁንም፤ ስለዚህም አመስጋኝ ነን። "ልጃችንን አትጣሉብን፤ ዕቃውን ተዉት" ያሉትን የወይዘሮ አስካለን ቃል መንገድ ሙሉ እያነሣን ስናወራው መጥተናል።

የሠርጉን ቀን በተመለከተ ወገናችን የመከረው ጥር 17 እሑድ ነው፤ ከጥምቀት በኋላ፣ ከዓቢይ ጾም በፊት፣ ጤፋችሁም ከአውድማ ገብቶ፣ ገብሳችንም ተወቅቶ የምንገናኝበት ጊዜ ነው። ሁለቱ በቤተ ክርስቲያን በተክሊል እንዲጋቡ ካህናቱን አነጋግረናል፤ ስለ ሰማንያውም ሽማግሌዎቻችሁ የሚሉትን እንቀበላለን። ቀኑ ካልተመቻችሁ እናንተ ቁረጡ፤ እኛ እንመጣለን። እጀባው ብዙ ሰው እንዳይሆን አስበናል፤ ከእኛ ወገን 40 ሰው ብቻ ነው የሚመጣው። ከመንዝ ተነሥተን በጣርማበር ወጥተን ደብረ ብርሃን እናድራለን፤ ጠዋት እዚህ እንደርሳለን። ወደ ማታ እንዳናዘገያችሁ ሰዓቱን እንጠብቃለን።

አንድ ነገር ብቻ ለሁለቱ እናቶች ልጨምር። ልጆቹ የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ነው፤ ለመንዝም ለምንጃርም መካከል ነው። በዓል ሲደርስ "ወዴት ይምጡ?" ብላችሁ እንዳትከራከሩባቸው እለምናለሁ። ለገና ወደ አንዱ ቤት፣ ለፋሲካ ወደ ሌላው ቢሄዱ ለሁለታችሁም በቂ ነው። ወይዘሮ ጌጤነሽ ይህን ቃል ከእኛ ወገን ሰጥተውኛል።

አባቶች ካህናት፣ ቀለበቱን ባርኩልን። ጋሽ ሞገስ፣ የያዝኩትን ቃል ጨርሻለሁ፤ ከእናንተ ወገን የሚናገረው ሽማግሌ ይናገር። እሱ እስኪጨርስ ቆመን እንሰማለን።