የጥብቅና ፈተና የጥናት ዕቅዴ፦ አሥር ሳምንት

የአሜሪካው የጥብቅና ፈተና መልስ የሚመረጥበት ክፍል 200 ጥያቄ አለው፤ ጠዋት 100፣ ከሰዓት በኋላ 100፣ እያንዳንዱ በሦስት ሰዓት። ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው 1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ብቻ ነው። በትምህርት ቤት የተመሰገንኩት ረጅም ሐተታ በመጻፍ ነበር፤ እዚህ ግን «በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል» የሚል ሰው ሰዓቱን ይጨርሳል። ስለዚህ ዕቅዱ ከማንበብ ይልቅ ለመሥራት ያደላል።

ከሳምንት 1 እስከ 3፦ ሰባቱን የትምህርት ዓይነቶች አንድ ጊዜ እዞራለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ውልና ከውል ውጭ ኃላፊነት፣ በሁለተኛው ማስረጃና ንብረት፣ በሦስተኛው ሕገ መንግሥት፣ የወንጀል ሕግና የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት። ጠዋት ከሥራ በፊት ሁለት ሰዓት ንባብ፤ ማታ 17 ጥያቄ በ30 ደቂቃ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል እርማት። እርማቱ ከጥያቄው መርዘሙ ስህተት አይደለም፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው።

ለእርማት አንድ ደብተር ይኖረኛል። ለሳትኩት ጥያቄ ሁሉ ምክንያቱን ከአራቱ በአንዱ እመድባለሁ፦ ሕጉን አላውቀውም፤ ሕጉን አውቄ ፍሬ ነገሩን በጥድፊያ አነበብኩ፤ ሁለት ምርጫ ቀርቶኝ የተሳሳተውን መረጥኩ፤ ሰዓት አለቀብኝ። ከሥሩ ደንቡን በራሴ አባባል በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፤ ከመጽሐፍ መገልበጥ ክልክል ነው። በግምት ያገኘሁትም እንደ ስህተት ይመዘገባል። እኔን በተለይ የሚያጠምደኝ ውጤቱ ትክክል፣ ምክንያቱ ግን የተሳሳተ ምርጫ ነው፤ «ስለሆነ»፣ «ካልሆነ በስተቀር» እና «ከሆነ ብቻ» የሚሉት ቃላት ይሰመርባቸዋል።

ከሳምንት 4 እስከ 7፦ ዓይነቶቹ ተቀላቅለው በቀን 33 ጥያቄ በአንድ ሰዓት። ምዕራፉን አስቀድሞ ማወቅ ግማሽ መልስ ነው፤ በፈተናው ቀን ግን ይህ የስሚ ስሚ ማስረጃ ጥያቄ ነው ብሎ የሚነግረኝ የለም። መጀመሪያ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር፣ ማለትም የተጠየቀውን፣ ከዚያ ታሪኩን አነባለሁ። ደብተሩ ደካማ ብሎ ያሳየኝ ዓይነት በሳምንት ሁለት ጠዋት ያገኛል። ንብረት እንደሚሆን ከወዲሁ እገምታለሁ፤ ከሁሉም የምሸሸው እርሱን ነውና።

ሳምንት 8 እና 9፦ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። ቅዳሜ ሙሉ የሙከራ ፈተና፣ ስልክ ጠፍቶ፣ በፈተናው ሰዓት። በየ30 ደቂቃው ቁጥሩን አያለሁ፦ 17፣ 33፣ 50። ከኋላ ከቀረሁ የተጣበቅኩበትን መልስ ሰጥቼ፣ ምልክት አድርጌበት እሄዳለሁ፤ የተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀንስ ባዶ የሚቀር የለም። ከሰኞ እስከ ረቡዕ የሙከራው እርማት ብቻ። እሑድ ዕረፍት ነው፤ ይህ አይደራደርም።

ሳምንት 10፦ አዲስ ርዕስ አይከፈትም። ደብተሩን ሁለት ጊዜ አነባለሁ፤ በቀን ከ20 ጥያቄ አልበልጥም። በዋዜማው መታወቂያዬንና የመግቢያ ወረቀቴን አዘጋጅቼ ደብተሩን እኅቴ ዘንድ አስቀምጣለሁ፤ ብጠይቃትም እንዳትሰጠኝ ነግሬያታለሁ።