መሬቱ የሕዝብ ሆኖ ዋጋው ለምን የግለሰብ ይሆናል? የደጋፊ ቡድን የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ ዳኞች፣ የተቃራኒ ቡድን ጓደኞቻችን፣ አዳራሹን የሞላችሁት ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ!

የዛሬው ርዕስ «ደመወዝን ከመቅረጥ ይልቅ መሬት ላይ ግብር መጣል የበለጠ ፍትሃዊ ነው፣ ኢኮኖሚውንም ብዙ አይጎዳም» ይላል። ቡድናችን ይደግፈዋል። ሰዓቱ አጭር ስለሆነ ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ።

መጀመሪያ አንድ የደመወዝ ወረቀት አብረን እናንብብ። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው እንበል፤ ያልተጣራ ደመወዙ 10,000 ብር። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው። ቀጣዩ 2,000 ላይ 15 በመቶ ይቆረጣል፣ 300 ብር። ከዚያ 3,000 ላይ 20 በመቶ፣ 600 ብር። የመጨረሻው 3,000 ላይ 25 በመቶ፣ 750 ብር። ተደምሮ 1,650 ብር። የጡረታው 7 በመቶ 700 ብር ይወስዳል። እጁ የሚገባው 7,650 ብር ነው። ኪራዩ፣ ታክሲው፣ ጤፉ፣ የልጁ ደብተር ሁሉ ከዚህ ነው የሚወጣው፤ ዕቃ ሲገዛ ደግሞ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ይህ መምህር ግብሩን «ልክፈል ወይስ አልክፈል» ብሎ የማሰብ ዕድል እንኳ የለውም። ብሩን ሳያየው ተቆርጧል። ነጋዴ ደረሰኝ ሊደብቅ ይችላል፣ ደላላ ውሉን ዝቅ አድርጎ ሊያጽፍ ይችላል፣ ደመወዝተኛ ግን የትም አያመልጥም። ለዚህ ነው መንግሥት ብር ሲቸግረው መጀመሪያ እጁን የሚዘረጋው ወደ ደመወዝተኛ የሆነው። ከፍተኛው 35 በመቶ የሚጀምረውም ከ14,000 ብር በላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በወር 14,000 ብር የሚያገኝ ሰው ሀብታም ነው የሚል ካለ እጁን ያውጣ። ቤት ተከራይቶ የሚኖር እንዲያውም ከወር ወር መድረስ የሚያቅተው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አያት መስመር እንሂድ። መሪ አካባቢ በቆርቆሮ የታጠረ 500 ካሬ ባዶ ቦታ አስቡ። ቆርቆሮው ዝጓል፣ በሩ በሰንሰለት ተቆልፏል፣ ውስጡ ሣር በቅሎ ወገብ ደርሷል። አንድ ዘበኛ ጥግ ላይ የላስቲክ ጎጆ ሠርቶ ይኖራል። ባለቤቱ ቦታውን የያዘው አካባቢው ገና ጭር ባለበት ዘመን ነው። ከዚያ አስፋልት ገባ። ውሃና መብራት ገባ። ጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። ዙሪያው በሰው ተሞላ፣ ሱቅ ተከፈተ፣ ባንክ ተከፈተ፣ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የዚያ ቦታ ዋጋ ሰማይ ነካ። ባለቤቱ ምን ሠራ? ምንም። አንዲት ብሎኬት አላስቀመጠም።

ታዲያ ያን ዋጋ ማን ፈጠረው? ባቡሩንና አስፋልቱን የከፈለው ግብር ከፋዩ ነው፣ ከላይ ያየነው መምህር ጭምር። ሱቁን የከፈተው ነጋዴ፣ ሰፈሩን ያደመቀው ተከራይ፣ ሁሉም በየፊናው ለፍቶ ጨምሮበታል። መምህሩ ከደመወዙ በተቆረጠ ብር መንገድ ተሠራለት፣ መንገዱ ሲሠራ የመሬት ዋጋ ናረ፣ የመሬት ዋጋ ሲንር ኪራዩ ተጨመረበት። ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው! ቆርቆሮ ያጠረው ሰው ግን ገበያው ካደረሰው ዋጋ ጋር ምንም የማይገናኝ ዓመታዊ የቦታ ኪራይ ከፍሎ ይተኛል።

የቡድናችን የፍትህ ክርክር ይኸው ነው። ደመወዝ ሰው በላቡ ያመጣው ነው። የመሬት ዋጋ ግን ሕዝብ በጋራ ያመጣው ነው። የጋራ ወጪ ከጋራ ሀብት ቢሸፈን ማን ተበደለ?

«መሬት እኮ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ የራሱን ንብረት እንዴት ግብር ይጥልበታል» የሚል ክርክር ከወዲያኛው ጠረጴዛ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 እንደዚያ ይላል። ግን እስቲ ታሪኩን እናስታውስ። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ ጥያቄያቸው ባለርስቱ ቁጭ ብሎ ጭሰኛው ካመረተው ለምን ይወስዳል የሚል ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠሩም የከተማውም መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነ። መሬቱ የሕዝብ ሆነ፤ የመሬቱ ዋጋ ግን የሕዝብ አልሆነም። ዛሬ ቤትና ቦታ ሲሸጥ ገዢው አብዛኛውን ብር የሚከፍለው ለጭቃው ቤት አይደለም፣ ቤቱን አፍርሶ ነው የሚሠራው። የሚከፍለው ለቦታው ነው። የሕዝብ የሆነ መሬት ዋጋ በግለሰብ ኪስ ይገባል። ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ሕገ መንግሥቱን አይቃረንም፣ እንዲያውም የተጻፈውን ሥራ ላይ ያውለዋል።

ሊዝ አለ ትላላችሁ። አለ። ነገር ግን የሊዝ ዋጋ የሚወሰነው ቦታው በተወሰደበት ቀን ነው፣ ከዚያ በኋላ ባቡር ቢመጣም መንገድ ቢመጣም የጨመረው ዋጋ የያዡ ነው። ከሊዝ ውጭ የተያዘው ነባር ይዞታ ደግሞ ከወቅታዊው ዋጋ ከዚያም ይርቃል። እኛ የምንለው ግብሩ ከቦታው ወቅታዊ ዋጋ ጋር በየጊዜው ይራመድ ነው።

ወደ ኢኮኖሚው ልሻገር፣ ምክንያቱም ነገሩ የፍትህ ብቻ አይደለም። ግብር የጣልክበት ነገር አብዛኛውን ጊዜ ይሸሻል። ደመወዝ ላይ ግብር ሲከብድ ቀጣሪ አንድ ሰው ከመጨመር ሁለት ጊዜ ያስባል፣ ሠራተኛው ደግሞ ትርፍ ሰዓት ሠርቶ ካገኘው 1,000 ብር 350 ብሩ የሚሄድ ከሆነ «ምን አስቸገረኝ» ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። አንዳንዱ ድርጅት በወረቀት ትንሽ ደመወዝ ጽፎ ቀሪውን በእጅ ይሰጣል፤ በዚህ የሚጎዳው ሠራተኛው ነው፣ ጡረታው የሚሰላው በወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር ነዋ። የተማረው ደግሞ ፓስፖርቱን ያወጣል። መሬት ላይ ግብር ብትጥል ግን መሬቱ የት ይሄዳል? አይቀንስም፣ አይደበቅም፣ ዱባይ አይሰደድም። ያው 500 ካሬ ነው።

እንዲያውም ተቃራኒው ይሆናል። ባዶ ቦታም ፎቅ የተሠራበት ቦታም ጎን ለጎን እስካሉ ድረስ የሚከፍሉት እኩል ከሆነ፣ ባዶውን አጥሮ መቀመጥ ያስከስራል። ወይ ይሠራበታል ወይ ለሚሠራ ይሸጠዋል። ሲሠራበት ቤት ይበዛል፣ ቀን ሠራተኛውም አናጺውም ሥራ ያገኛል። በነገራችን ላይ ከንብረት ታክስ የምንለየው እዚህ ጋ ነው። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ መሬቱንም ሕንፃውንም ይመለከታል። እኛ ሕንፃው ይቅር ነው የምንለው። የሠራን ሰው ስለሠራ አትቅጡት።

ይህን ያልነው እኛ ብቻ አይደለንም። ግብር የሚባል ነገር ሲሰማ የሚቆጣው የገበያ ኢኮኖሚ ጠበቃ ሚልተን ፍሪድማን እንኳ ከግብሮች ሁሉ ጉዳቱ ትንሽ የሆነው ሕንፃው ሳይቆጠር የመሬቱ ዋጋ ላይ ብቻ የሚጣለው ነው ብሏል። ኢስቶኒያ ከሶቪየት ኅብረት ከወጣች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ፣ መሬቱን ብቻ እንጂ ሕንፃውን የማይነካ ግብር ትሰበስባለች። ብዙ መሬት በመንግሥት እጅ ከነበረበት ሥርዓት የወጣች ትንሽ አገር ከቻለች እኛ የማንችልበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። «አከራዩ ግብሩን ተከራይ ላይ ይጭነዋል።» ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፣ ብዙዎቻችን ተከራይ ልጆች ነን። ግን እስቲ አከራያችሁን አስቡት። ዛሬ 2,000 ብር መጨመር ቢችል ግብር እስኪመጣ ይጠብቅ ነበር? አይጠብቅም። ገበያው የሚሸከመውን ያህል ዛሬም እየጠየቀ ነው። የጤፍ ግብር ቢጨምር ገበሬው ጤፍ ይቀንስና ዋጋ ይወጣል፤ የመሬት ግብር ቢጨምር ግን መሬት አይቀንስም፣ ኪራዩን የሚገፋ ነገር የለም። ባዶው ቦታ ወደ ገበያ ሲወጣ እንዲያውም የቤት አቅርቦት ይጨምራል።

«እማማስ?» ትሉናላችሁ። ፒያሳ ሰፊ ግቢ ያላቸው፣ ገቢያቸው የባላቸው ጡረታ ብቻ የሆነ እናት። በዚህ ጉዳይ ቀልድ የለንም። እማማ ከግቢያቸው አይነቀሉም። መጠነኛ መኖሪያ ቦታ ከግብር ነፃ ይሁን፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ቤቱ እስኪሸጥ ወይም ለወራሽ እስኪተላለፍ ይቆይላቸው። ዴንማርክ ውስጥ ጡረተኛ የቤቱን ግብር በብድር መልክ አቆይቶ ቤቱ ሲሸጥ እንዲከፈል ማድረግ ይችላል። አንዲትን እናት ለማዳን ሺህ ካሬ አጥሮ የተቀመጠውን ባለሀብት ነፃ ማውጣት ግን አያስፈልግም።

ገበሬውም አይፍራ። ግብሩ የሚከተለው ዋጋን ነው፤ ዋጋው ያለው ቦሌና ካዛንቺስ ነው እንጂ ደብረ ታቦር ዳርቻ ያለች ግማሽ ሄክታር ላይ አይደለም።

ግምቱ ሊያስቸግር ይችላል፣ ይህን አልክድም። ካዳስተር የሚባለው የመሬት ምዝገባ መጠናቀቅ አለበት፣ ግምቱም በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት። ግን የሊዝ ጨረታ ውጤት በአደባባይ ይወጣል፣ የየሰፈሩን ዋጋ ደላላው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ካሬ መሬት መለካት የአንድን ነጋዴ እውነተኛ ገቢ ከመፈለግ ይቀላል። አንድ ጀምበር ላይ ይደረግም አላልንም። የአውስትራሊያ ዋና ከተማ ካንቤራ እ.ኤ.አ. በ2012 ቤት ሲሸጥ የሚከፈለውን የቴምብር ቀረጥ ወደ መሬት ግብር ማዞር ስትጀምር እቅዱን ለ20 ዓመት ነው የዘረጋችው። እኛም በየዓመቱ የመሬቱ ግብር ትንሽ ከፍ ሲል የደመወዙ ነፃ ወለል አብሮ ከፍ ይበል ነው የምንለው። ከ600 ወደ 2,000 ሄዷል፣ ወደ 5,000 የማይሄድበት ምክንያት የለም፤ ብሩ የሚመጣበትን አሳይተናችኋል።

ስለዚህ የተቃራኒ ቡድን የመጀመሪያ ተናጋሪ ወደዚህ መድረክ ሲወጣ አንድ ጥያቄ እንዲመልስልን እንጠይቃለን። የመምህሩ 1,650 ብር በየወሩ እየተቆረጠ መሪ ያለው ባዶ ቦታ ከግብር የሚታለፍበትን ምክንያት፣ ለመምህሩ ፊት ለፊት እንደምትነግሩት አድርጋችሁ ንገሩን። አመሰግናለሁ።