ማሽን ሲቆም የምትጠራዋ ልጅ

ፎቶው ላይ የምታዩዋቸው ዘይት የነካቸው እጆች የአንዲት የ21 ዓመት ወጣት ናቸው። ፊቷን ያላሳየነው፣ ስሟንም ያልጻፍነው ራሷ «ሥራዬን ብቻ አሳዩልኝ» ስላለችን ነው።

የደሴ ልጅ ናት። የ12ኛ ክፍል ፈተና የተፈተነችው ከ2014 ተፈታኞች ጋር ነው። ያ ዓመት እዚህ አካባቢ ለተማሪ ምን እንደነበር ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው አይነገረውም። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ በመላ አገሪቱ ከ100 ተፈታኝ 4 እንኳ ግማሽ አላመጣም። እሷም ካላመጡት አንዷ ሆነች። ሐረጎን ወርዳ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ኦፕሬተር ሆና ተቀጠረች፤ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ኦቨርሎክ ላይ ተቀመጠች።

ማሽን ሲቆም ሌላው ስልኩን ያያል፤ እሷ ቴክኒሻኑ የሚፈታውን ታያለች። መማር እፈልጋለሁ ብትል «አንቺ ታርጌትሽን ሙይ» ተባለች። ወጣቶችን ከባለሙያ መካሪ ጋር ወደምናገናኘው ወደ እኛ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

ያገናኘናት ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ ከወጡ መካኒክ ጋር ነው። እሳቸው መጀመሪያ እሺ አላሉንም ነበር። «እኔ የሽመና ማሽን ሰው ነኝ፤ የስፌቱን ከየት አውቄ ነው የማስተምራት?» አሉ። ይህን የምንጽፈው ብዙዎቻችሁ ስትጠየቁ የምትሰጡት መልስ ይኸው ስለሆነ ነው።

እናቷም አልተዋጠላቸውም። ልክ ነበሩ፤ የማያውቁት ሰው ልጃቸውን ሊመክር ሲመጣ መጠየቅ የእናት ወግ ነው። ስለዚህ መካሪው ደሴ ድረስ ወጥተው ቡና ጠጥተው ተዋወቁ። ደንባችንም ይኸው ነው፦ ቤተሰብ ሳያውቅ ማንም ከማንም ጋር አይገናኝም፣ ግንኙነቱም ሌሎች ባሉበት ክፍል እንጂ ለብቻ አይደለም።

በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት ይገናኛሉ። ጋሼ ያስያዟት አንድ ደብተር ነው። ማሽን በቆመ ቁጥር ምን እንደሆነ፣ መጀመሪያ ምን እንደተነካ፣ በመጨረሻ ጥፋቱ የት እንደተገኘ ትጽፋለች። ስፌት ሲዘል ብዙ ሰው ካቻቢቴውን ይዞ ሉፐሩን ለማስተካከል ይሮጣል። «ቆይ ልጄ፣ አትፍቺ! መጀመሪያ መርፌውን እዪ» ይላሉ። መርፌው ጎብጦ ይሆናል፣ ዞሮም ገብቶ ይሆናል። ቀጥሎ የክሩ አገባብ፣ ከዚያ የክሩ ውጥረት፤ መፍታት በመጨረሻ ነው። ከቀላሉ ጀምሮ መፍታትን ለመጨረሻ ማቆየት ለሽመናም ለስፌትም አንድ ነው። ስለ ኦቨርሎክ ብቻ የሆነውን እሷ ነች ለሳቸው የምታስረዳቸው፤ ማስረዳቱ ደግሞ ራሷን አስተማራት።

በጎን ማታ ማታ የጥገና ሥልጠና ወሰደች። የሲኦሲ ፈተና ላይ ጽሑፉን አልፋ ተግባሩን ወደቀች። ፈታኙ ቆሞ ሲያያት እጇ ተሳሰረ። ሥራ ልትለቅ ሁሉ አስባ ነበር። «አብሽሪ» አሏት ጋሼ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ቅዳሜዎች ግን እያንዳንዱን ነገር ስትሠራ ጮክ ብላ እንድትናገር አደረጓት፦ አሁን ማብሪያውን አጠፋሁ፣ አሁን መርፌውን አወጣሁ። ሳቋ እየመጣ ጀመረችው። በሁለተኛው ፈተና አለፈች።

ዛሬ በዚያው ሼድ ረዳት ቴክኒሻን ናት። ላይኑ ሲቆም የምትጠራው እሷ ነች። ተጠናቀቀ ማለት አይደለም፤ የአዳዲሶቹ ማሽኖች ኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ገና አልገባትም፣ ጋሼም እዚያ ላይ «እኔ አልችልም» ብለዋል። ስለዚህ ኤሌክትሮኒክስ የምታውቁ፣ በተለይ ሴቶች፣ እሷ ራሷ እየጠበቀቻችሁ ነው።

ከሷ ሌላም በር ላይ የቆሙ አሉ፦ ሒሳብ መዝገብ የምትማር፣ ብየዳ የጀመረ፣ ሞተር ጥገና የሚፈልግ። ከሜንተር የምንጠይቀው በወር ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት ለአንድ ዓመት ነው። በሦስተኛው ወር ሥራ በዝቶብኝ ነው ብሎ የሚጠፋ ሰው ካልመጣው ይልቅ ይጎዳል፤ ስለዚህ ዓመቱን ካልቻላችሁ አሁኑኑ ንገሩን፣ ሌላ የምታግዙበት አይጠፋም።

ስፖንሰር መሆን ለምትፈልጉ ድርጅቶችና ግለሰቦች፦ ገንዘቡ የሚውለው ለሥልጠናና ለሲኦሲ ክፍያ፣ ለመፍቻና ለመልቲሜትር፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ለሚመላለሱ ሜንተሮችና ወጣቶች ትራንስፖርት ነው። ክፍያው በቀጥታ ለማሠልጠኛው ይገባል፤ ደረሰኙ ለእናንተ ይላካል። ጥሬ ገንዘብ ብቻ አይደለም፦ ፋብሪካችሁ ጥግ አቧራ የጠጣ የስፌት ማሽን ካለ ለመለማመጃ ስጡን፤ ባይሠራ ደግሞ የተሻለ ነው።

የአዲስ ሜንተሮች ትውውቅ ከጥምቀት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ኮምቦልቻ ነው። መምጣት የምትፈልጉ ሙያችሁንና የምትኖሩበትን ከተማ ጽፋችሁ በውስጥ መስመር ላኩልን፤ ቦታውን እንነግራችኋለን።

#ደሴ #ኮምቦልቻ #ሜንተር_ይሁኑ