የባልትናችን የገበያ ዕቅድ፦ ከኅዳር እስከ ጥር 2018

እማዬ፣ ይህን የጻፍኩት ለአንቺና ለወንድሜ ነው። ማታ አብረን እናንብበው። ከተስማማን ኩሽና በር ላይ እንለጥፈዋለን።

አሁን የት ነን?

የመስከረምንና የጥቅምትን ሽያጭ ከደብተርሽ ደመርኩ። በወር በአማካይ 42 ኪሎ ሽሮና 18 ኪሎ በርበሬ ሸጠናል። ቋሚ ደንበኞቻችን 31 ናቸው። ቋሚ የምለው በሁለት ወር ውስጥ ቢያንስ ሁለቴ የገዛንን ሰው ነው። ሽሮውን 380 እየሸጥን፣ የወፍጮውም የማሸጊያውም ተደምሮ 290 ይፈጅብናል። ስለዚህ ከኪሎ 90 ብር ይቀረናል። ከበርበሬ ደግሞ 140።

የት መድረስ እንፈልጋለን?

ሽሮ፦ ኅዳር 52፣ ታኅሣሥ 72፣ ጥር 60 ኪሎ።
በርበሬ፦ ኅዳር 19፣ ታኅሣሥ 22፣ ጥር 28 ኪሎ።
ቋሚ ደንበኛ፦ ጥር 30 ላይ 60።

ጥር ላይ ሽሮው ዝቅ ያለው በስህተት አይደለም። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባና በገና ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሥጋ ያምረዋል። ጥር ግን የሰርግ ወር ነው፤ በርበሬው ያኔ ይነሳል። ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ሲገባ 60 ሰው እጅሽን አውቆ ከጠበቀን፣ የዓመቱ ሥራ ያኔ ነው።

ገንዘቡ

ያለን 6,000 ብር ነው። ለማቅመሻ ሽሮ 10 ኪሎ 2,900፣ ለትንንሽ ከረጢት 600፣ ስልካችን ላለበት ስቲከር 750፣ ለሦስት ወር ኢንተርኔት 750። 1,000 ብር መጠባበቂያ ይቀመጥ። ግባችን ከተሳካ ከጭማሪው ሽያጭ 7,320 ብር እናገኛለን፤ ወጪውን ሸፍኖ ጥቂት ይተርፈዋል።

ማቅመሻ

ዋናው መንገዳችን ይህ ነው። የአንቺን ሽሮ በወሬ ማስረዳት አይቻልም። ድስቱ ተከድኖ ሲንተከተክ ሽታው ደረጃው ድረስ ይወርዳል፤ ሰው የሚገዛው እሱን ነው። 100 ግራም ለአንድ ቤት አንድ ማዕድ ይበቃል። ቅዳሜ ኅዳር 13ና እሁድ 14 ማታ፣ ሰው ቤቱ ሲገባ፣ ወንድሜና እኔ በጎረቤት ብሎኮች 60 በር እናንኳኳለን። ጾሙ ሰኞ ስለሚገባ በዚያው ሳምንት ይሠሩታል። የቀረውን 40 ለነባር ደንበኞች እንሰጣለን፤ ለጎረቤታቸው ወይም ለእህታቸው እንዲያደርሱልን።

ከ100ው 25 ሰው እንዲገዛ፣ ከነሱም 15ቱ እንዲደግሙ እንፈልጋለን። ማቅመሻውና ከረጢቱ 3,500 ነው፤ ለ25 ሲካፈል አንድ አዲስ ደንበኛ 140 ብር ያስወጣናል። አንድ ኪሎ ገዝታ የቀረች ሴት 90 ብር ብቻ ሰጥታን ሄደች ማለት ነው። ሁለተኛው ኪሎ ላይ ነው የምናተርፈው። ስለዚህ ከገዙ በ20ኛው ቀን ራስሽ ደውይላቸው። «ሽሮው እንዴት ሆነላችሁ?» በይ፤ ስለ ሽያጭ አታንሺ።

ቴሌግራም

የኮንዶሚኒየሙ ግሩፕ ውስጥ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ እንለጥፋለን፤ ከዚያ በላይ ሰው ይሰለቻል። አተሩን ስትቆዪ በስልክ እቀርፅሻለሁ፤ ፊትሽ አይታይም፣ እጅሽና ምጣዱ ይበቃል። ትዕዛዝ ሐሙስ ማታ ይዘጋል፣ ቅዳሜ ጠዋት እናደርሳለን፣ ክፍያ በቴሌብር ወይም በእጅ። ከዚህ በሦስት ወር 8 ቋሚ ደንበኛ እጠብቃለሁ። ሌሎቹ 6 ሰው ለሰው ተነጋግረው ይምጡ።

የማናደርገው

በራሪ ወረቀት አናትምም። አምና 500 አሳትመን የመጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ቀሪውን ደረጃ ላይ ተረግጦ አገኘሁት። ለሱቅ በዱቤ አንሰጥም፤ ገንዘባችን ሁለት ወር ተይዞ በርበሬ መግዣ አጥተን ነበር። የሚከፈልበት የፌስቡክ ማስታወቂያም ይቅር፤ ከቦሌ አንድ ኪሎ ቢታዘዝ የሞተሩ ኪራይ ትርፉን ይበላዋል።

በምን እናውቃለን?

አዲስ ሰው ሲደውል «ማን ነገረዎት?» ብለን እንጠይቅ። ደብተሩ ላይ ከስሙ ጎን «ማ» ለማቅመሻ፣ «ቴ» ለቴሌግራም፣ «ሰ» በሰው ለመጣ እንጻፍ። እሁድ ከቡና በኋላ እኔ እቆጥራለሁ።

ታኅሣሥ 4 ላይ ከ60ው ከ8 በታች ከገዛ፣ 40ውን አናድልም። መጀመሪያ የቀመሱትን አሥር ሰዎች እንጠይቅ፦ ጨው በዛ? ቅመሙ ከበደ? ዋጋው ነው? ኪሎ ከብዷቸው ከሆነ በግማሽ ኪሎ እናሽጋለን፤ መጠባበቂያው ለዚያ ነው።

ከረጢቱን ነገ እኔ አመጣለሁ። አተሩን ማክሰኞ ጀምሪልን።