ስለ እኔ፦ ሰነድዎን የምታነበው ሰው

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጡ።

ተርጓሚ ነኝ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደ እንግሊዝኛ እሠራለሁ። ቢሮዬ አራት ኪሎ ነው፤ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ 3ኛ ፎቅ ላይ። ክፍሏን ከአንዲት የሒሳብ ባለሙያ ጋር ነው የምንጋራት። ጠባብ ናት፤ ለሁለት ጠረጴዛና ለአንድ እንግዳ ወንበር ግን ትበቃለች።

በግሌ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ቋሚ ደንበኞቼ አራት ናቸው። አንድ የሕግ ቢሮ፣ አንድ ቡና ላኪ፣ በእናቶችና ሕፃናት ጤና ላይ የሚሠራ አንድ ድርጅት፣ እና አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ። ቁጥሩን የምነግርዎ ሥራዎ በማን እጅ እንደሚገባ እንዲያውቁ ብዬ ነው። የተሰጠኝን ሥራ ለሌላ ሰው አላስተላልፍም። የምታነበው፣ የምትተረጉመው፣ ግራ የሚያጋባ ነገር ሲገጥማት ስልክ የምትደውልልዎ አንዲት ሰው ናት።

ከዚያ በፊት አራት ዓመት ስታዲየም አካባቢ አንድ ትርጉም ቤት ተቀጥሬ ሠርቻለሁ። የልደት፣ የጋብቻ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ውክልና፤ በቀን ሃያ ምናምን ሰነድ። እዚያ የሠራሁት አንድ ስህተት ዛሬ ለምሠራበት መንገድ ምክንያት ስለሆነ ልንገርዎ።

የአንድ ወጣት የልደት ሰርተፍኬት ነበር። «መስከረም 3 ቀን 1988» ይላል። እኔ ቸኩዬ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1995 ብዬ ጻፍኩ። ትክክሉ 14 ነበር። የ1987 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች የ1988 እንቁጣጣሽ የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። እኔ እንደሌላው ጊዜ ከ11 ጀምሬ ቆጠርኩ። ፓስፖርቱ 14 ይላል፣ የእኔ ትርጉም 13 ይላል። ለቪዛ የቀረበ ቀን ሁለት የልደት ቀን ያለው ሰው ሆኖ ተገኘና ሌላ ቀጠሮ እስኪያገኝ ብዙ ሳምንት ጠበቀ። ሰነዱን ይዘው የመጡት እናቱ ነበሩ። አልተቆጡም። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው፣ ጣታቸውን ቁጥሯ ላይ አድርገው፣ «ልጄ፣ እስቲ ደግመሽ እይው» ብቻ አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቀን በግምት አልቀይርም። መጀመሪያ በእጄ አሰላለሁ፣ ከዚያ ካላንደር ላይ አያለሁ፣ ከዚያ ከፓስፖርቱ ጋር አመሳክራለሁ። ስምም እንደዚሁ ነው። «ፀሐይ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል በብዙ መንገድ ይጻፋል። የትኛው ያምራል የሚለው አያገባኝም፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ነው የሚጻፈው። ስለዚህ የግል ሰነድ ሲልኩልኝ የፓስፖርትዎን ኮፒ አብሬ እጠይቃለሁ። ካልተላከ ሥራውን አልጀምርም።

በጣም የምወደው ሥራ ግን ለሕዝብ የሚበተን ጽሑፍ ነው። ባለፈው ዓመት ስለ ጡት ማጥባት አንድ በራሪ ወረቀት ተረጎምኩ። እንግሊዝኛው አንባቢዋን የሚጠራበት ቃል አንድ ነው። አማርኛ ግን ይጠይቃል፤ አንቺ ነው ወይስ እርስዎ? መጀመሪያ በ«እርስዎ» ጻፍኩት። «ሕፃኑ ስድስት ወር እስኪሞላው ተጨማሪ ፈሳሽ መስጠት አይመከርም» የሚል ዓረፍተ ነገርም ነበረበት። ከመላኬ በፊት በቅርቡ ለወለደች ጎረቤቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ውሃም ጭምር ነው?» አለችኝ። አዎ፣ ውሃም ጭምር ነው። ያቺ ዓረፍተ ነገር ግን አልነገረቻትም። «ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡትሽ ወተት በቀር ምንም አትስጪው፤ ውሃም ቢሆን» ብዬ አስተካከልኩት። «እርስዎ»ውንም ወደ «አንቺ» መለስኩት፤ ታላቅ እህት እንደምታወራት እንዲሆን። ጽሑፉን ለምን እንደቀየርኩ ለድርጅቱ በደብዳቤ አስረዳሁ፣ ተስማሙ። እንዲህ ዓይነት ሥራ ስቀበል ለአንድ ሰው ጮክ ብዬ ሳላነብ አላስረክብም።

የሕግ ሰነድ ሌላ ጠባይ አለው። እዚያ ቃል አልፈጥርም። አዋጆቻችን ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ነው የሚታተሙት፤ ሁለቱ ባይጣጣሙ የሚጸናው አማርኛው ነው። የሥራ ውል ሲመጣልኝ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ከፍቼ ነው የምቀመጠው። «የሥራ ስንብት ክፍያ» እና «ካሣ» ለየብቻ ናቸው፤ ቢቀላቀሉ የሰው ገንዘብ ይጠፋል። አንድ ጊዜ የሙከራ ጊዜው አራት ወር ነው የሚል ውል መጣልኝ። አዋጁ ከ60 የሥራ ቀን አያሳልፍም። ውሉን እንዳለ ተረጎምኩት፤ የሰውን ሰነድ ማረም ሥራዬ አይደለም። ለደንበኛዬ ግን ደውዬ «ይህቺን ከጠበቃዎ ጋር ይዩአት» አልኩ።

የማልቀበለውም አለ። አፋን ኦሮሞና ትግርኛ አልተረጉምም። የሕክምና ምርመራ ውጤትም አልወስድም፤ ከጎኔ ሐኪም ሳይኖር ደፍሬ የምነካው ነገር አይደለም። ሰነድዎን የሚቀበለው መሥሪያ ቤት ወይም ኤምባሲ ፈቃድ ያለው ትርጉም ቤት ማህተም የሚጠይቅ ከሆነም እኔ ዘንድ ገንዘብዎን አያውጡ። እያንዳንዱ የራሱ መስፈርት ስላለው አስቀድመው ይጠይቁ። ግራ ከገባዎ ይደውሉልኝ፣ አብረን እናያለን፤ ለዚህ አላስከፍልም።

አሠራሬ ቀላል ነው። ሰነዱን በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ይልኩልኛል። አነበዋለሁ። ዋጋውንና የማስረክብበትን ቀን ያንኑ ቀን እነግርዎታለሁ። በቀን ከ1,500 እስከ 2,000 ቃል እሠራለሁ፤ ከዚያ በላይ ቃል አልገባም። ዋጋ ከተስማማን ግማሹ ቀብድ ነው፣ ቀሪው ሲረከቡ፤ በባንክ ወይም በቴሌብር። ደረሰኝ እቆርጣለሁ። ከተረከቡ በኋላ የኔ ስህተት ከተገኘ በማንኛውም ጊዜ ያለ ክፍያ አስተካክላለሁ። የግል ሰነዶችን ካስረከብኩ ከ30 ቀን በኋላ ከኮምፒውተሬ አጠፋለሁ። ቶሎ እንዲጠፋ ከፈለጉ ይንገሩኝ።

ለማያውቁት ሰው ሰነድ መስጠት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ስለዚህ ረዘም ያለ ሥራ ካለዎ ከመሃሉ አንድ ገጽ መርጠው ይላኩልኝ። በነጻ እተረጉመዋለሁ። እንግሊዝኛም አማርኛም ለሚያውቅ ለሚያምኑት ሰው ያሳዩት፣ ከዚያ ይወስኑ። መጥተው ማየት ከፈለጉም ደስ ይለኛል፤ ሕንፃው ሥር ቡና የምታፈላ እህት አለች፣ እዚያው ቁጭ ብለን እናወራለን።

ቢሮ የምገኘው ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ነው። ቅዳሜ እስከ 6 ሰዓት። ከውጭ አገር የሚደውሉ ከሆነ በአዲስ አበባ ሰዓት ነው የምለው፤ የጠዋቱ 3 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር የአዲስ አበባ ጠዋት 9 ሰዓት ማለት ነው።