የሆስፒታሉ የውሃ ማጣሪያ የአዋጭነት ጥናት፦ ለቦርድ አባላት በድጋሚ የተጻፈ ማጠቃለያ

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣

ይህ ጽሑፍ ባለፈው ስብሰባ የደረሳችሁን ማጠቃለያ ይተካል። ያኛው የተዘጋጀው ለመሐንዲሶች ስለነበር ብዙዎቻችሁ "ስንት ነው? መቼ ይመልሳል? ምን ያሰጋል?" ብላችሁ ጠይቃችኋል። ጥያቄያችሁ ልክ ነው። በዋናው ጥናት ውስጥ ካሉት ቁጥሮች አንዱንም አልነካንም። ለውሳኔያችሁ ዋናው ነገር ግን ገጽ 61 ላይ ተቀብሮ ስለነበር ወደ ፊት አምጥተነዋል። በዚህም ምክንያት የውሳኔ ሐሳቡ ለሁለት ተከፍሏል፤ የጥናት ቡድኑም ተስማምቶበታል።

የምንጠይቃችሁ

አንደኛ፣ ለውሃ ማለስለሻ 4.1 ሚሊዮን ብር አሁን እንድትፈቅዱ። ሁለተኛ፣ ሊከፈት ለታሰበው የኩላሊት እጥበት ክፍል የሚሆነው ማጣሪያ 5.7 ሚሊዮን ብር በመርህ ደረጃ ተቀባይነት እንዲያገኝ፣ ገንዘቡ ግን የእጥበት ማሽኖቹ ውል እስኪፈረም እንዳይለቀቅ። ሁለቱ ተደምረው 9.8 ሚሊዮን ይሆናሉ። የቀድሞው ማጠቃለያ ይህን በአንድ ላይ አጽድቁ ይል ነበር። እኛ አንድ ላይ እንዲጸድቅ አንመክርም። ምክንያቱን ከታች ታገኙታላችሁ።

ችግሩ ምንድን ነው?

የድሬዳዋ ውሃ ከጉድጓድ ነው የሚመጣው። በዙሪያችን ያለው አለት በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ውሃው በውስጡ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ ይወጣል። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ቤታችሁ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት በየቀኑ ታዩታላችሁ። ውሃው ሲሞቅ ያ ቅርፊት ብረት ላይ ይለጠፋል። ሆስፒታላችን የሚደርሰው ውሃ ጥንካሬው ሲለካ በሊትር 420 ሚሊግራም ሆኖ ተገኝቷል። ከ180 በላይ ያለው "በጣም ጠጣር" ነው የሚባለው።

አንድ ነገር በግልጽ ይታወቅልን። ይህ ውሃ ለመጠጥ ችግር የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅትም ለውሃ ጥንካሬ ከጤና አንጻር የወሰነው ጣሪያ የለም። ስለዚህ ማንም ሰው "የሆስፒታሉ ውሃ ተበክሏል" ብሎ እንዳያወራ እንለምናለን። የሚጎዳው ማሽን ነው።

ጉዳቱን በዓይን ማየት ለሚፈልግ፣ ከማምከኛ ማሽኑ የወጣ አንድ ማሞቂያ ብረት በስብሰባው ዕለት ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ሲገዛ የአውራ ጣት ውፍረት ነበረው። አሁን ዙሪያውን 7 ሚሊሜትር ነጭ ድንጋይ ለብሷል። በቁልፍ ሲመቱት ይሰነጠቃል እንጂ አይላቀቅም። ብረቱ ሙቀቱን ወደ ውሃው ማስተላለፍ ስላልቻለ ራሱን አቃጥሎ ተቆርጧል። በዚያን ዕለት የቀዶ ጥገና ዕቃ የሚመከንበት ስላልነበረ ሁለት ቀጠሮ ተላልፏል። ከዚህ ሁሉ ገንዘብ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ይኸኛው ነው። ተራ ደርሷቸው፣ ጾመው ተዘጋጅተው የመጡ ሰዎች ናቸው ወደ ቤታቸው የተመለሱት።

በ2017 በጀት ዓመት ጠጣር ውሃ ያስወጣን ይህን ያህል ነው። ለጥገና፣ ለመለዋወጫና ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ባለሙያ 1.45 ሚሊዮን ብር። ለላቦራቶሪና ለማምከኛ ለተገዛ የተጣራ ውሃ 620 ሺህ ብር። ቅርፊቱ በከንቱ ያስበላን መብራት ደግሞ በግምት 380 ሺህ ብር። በድምሩ 2.45 ሚሊዮን ብር።

ሁለቱ መሣሪያዎች ምን ይሠራሉ?

ማለስለሻው ጠጣሩን ውሃ ሬዚን በሚባሉ ጥቃቅን ፍሬዎች ውስጥ ያሳልፈዋል። ፍሬዎቹ ካልሲየሙን ይይዙና በምትኩ ሶዲየም ይለቃሉ። ሲጠግቡ በጨው ውሃ ይታጠባሉ፣ እንደገናም ይሠራሉ። ይህ ውሃ ወደ ቦይለር፣ ወደ ማምከኛ፣ ወደ ልብስ ማጠቢያና ወደ ወጥ ቤቱ ማሞቂያ ይሄዳል። ለመጠጥ አይሄድም። ጨው እንዲቀንሱ የታዘዙ ሕሙማን ስላሉን የመጠጥ ቧንቧው እንዳለ ይቀመጣል።

ሁለተኛው መሣሪያ፣ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው፣ ውሃውን በከፍተኛ ግፊት በስስ ሜምብሬን ውስጥ አሳልፎ ጨውንም ጭምር ያስቀራል። ለኩላሊት እጥበት የሚያስፈልገው ይኸኛው ነው። ሳይለሰልስ የመጣ ውሃ ሜምብሬኑን በአጭር ጊዜ ስለሚደፍነው፣ ከማለስለሻው ቀድሞ መገዛት አይችልም።

መላውን ሆስፒታል በተጣራ ውሃ መሸፈንም ተጠንቷል። 19.6 ሚሊዮን ብር ይፈጃል። በቀን ከምንጠቀመው 38 ሜትር ኩብ ውስጥ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሄደው ለመጸዳጃ፣ ለወለልና ለእጅ መታጠቢያ ስለሆነ ጥናቱ ይህን ትቶታል፤ እኛም እንስማማለን።

ገንዘቡ መቼ ይመለሳል?

"9.8 ሚሊዮኑ በ4 ዓመት ይመለሳል" የሚለውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ስሌቱ ስህተት የለበትም። ነገር ግን አንድ "ከሆነ" አለበት፤ ያ ነው ገጽ 61 ላይ የቀረው። በ4 ዓመት የሚመለሰው የእጥበት ክፍሉ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በግማሽ አቅሙ ከሠራ ነው። ማለትም 6 ማሽን፣ በዓመት 1,872 እጥበት፣ ከእያንዳንዱ እጥበት ወጪው ሁሉ ተነሥቶ 900 ብር ሲተርፍ።

የእጥበት ክፍሉ ጭራሽ ባይከፈት ግን 9.8 ሚሊዮኑን ለመመለስ 11 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ክፍሉ ተከፍቶ ሩብ አቅሙን ብቻ ቢሠራ 5 ዓመት ከመንፈቅ ትንሽ ያልፋል።

ለሁለት ስንከፍለው ነገሩ ይጠራል። ማለስለሻው ብቻውን በዓመት 1.45 ሚሊዮን ብር ያድናል። ለጨው፣ ለመብራትና ለጥገና 600 ሺህ ይበላል። የሚተርፈው 850 ሺህ ነው። 4.1 ሚሊዮኑ ወደ 5 ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ይመለሳል፤ የእጥበት ክፍል ኖረም አልኖረም። ሁለተኛው መሣሪያ ግን ያለ እጥበት ክፍል በዓመት የሚያተርፈው 50 ሺህ ብር ብቻ ነው። 5.7 ሚሊዮን አውጥቶ 50 ሺህ መልቀም ንግድ አይደለም፤ ከመካከላችሁ በንግድ ያደጋችሁት ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። የእጥበት ክፍሉ በግማሽ አቅም ከሠራ ግን ያው መሣሪያ ገንዘቡን በ3 ዓመት ከጥቂት ወራት ይመልሳል።

ማሽኖቹን አቅራቢው በውሰት ያስቀምጣል፣ እኛ አላቂ ዕቃውን ከእሱ እንገዛለን የሚል ንግግር ተጀምሯል። 900 ብሩ የተሰላው በዚህ መሠረት ነው። ውሉ ገና አልተፈረመም። ገንዘቡ ይያዝ ያልነውም ለዚህ ነው።

የሚያሰጋው

ትልቁ ሥጋት የገንዘብ አይደለም፤ የሕሙማን ደኅንነት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡን።

ጤነኛ ሰው የሚጠጣው ውሃ በአንጀቱና በኩላሊቱ ተጣርቶ ያልፋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን በአንድ የ4 ሰዓት እጥበት ብቻ ወደ 120 ሊትር ውሃ በስስ ሜምብሬን ማዶ ደሙ አጠገብ ያልፋል። ይህም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን ነው። ለእኛ ምንም የማያደርገን በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን፣ በዚህ መንገድ ከገባ የደም ቀይ ሕዋሳትን ያፈርሳል። ሰው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከሜምብሬኑ በፊት ሁለት የካርቦን ማጣሪያዎች በተከታታይ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ቢደክም ሌላው እንዲይዝ። በየፈረቃው፣ የመጀመሪያው ታካሚ ከመግባቱ በፊት፣ ክሎሪን ይለካል፣ ይመዘገባል፣ ይፈረማል።

ይህን የሚሠራ ሰው ዛሬ የለንም። ሁለት ቴክኒሻኖች ሰልጥነው ሳይመሰከርላቸው የእጥበት ክፍሉ እንዳይከፈት ቦርዱ በቃለ ጉባኤ እንዲያሰፍርልን አጥብቀን እንጠይቃለን። ለሥልጠናው የሚሆነው በጀት 5.7 ሚሊዮኑ ውስጥ አለ። ዋጋ ሲከረከር መጀመሪያ የሚቆረጠው ሥልጠና እንደሆነ ስለምናውቅ፣ ከዚያ መስመር ላይ ብር እንዳይነሣ አደራ እንላለን።

ሌላው የውጭ ምንዛሪ ነው። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ዋጋ ሊነሣ ይችላል። የውጭ ዕቃው በ20 በመቶ ቢወደድ ማለስለሻው 4.6 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው መሣሪያ 6.5 ሚሊዮን ይደርሳሉ። የመመለሻ ጊዜያቸው በግማሽ ዓመት ያህል ይረዝማል እንጂ ስሌቱ አይፈርስም።

ጨው በቀን 15 ኪሎ ያህል ያስፈልጋል። ከአፍዴራ ስለሚመጣ ዶላር አይጠይቅም። የታጠበበት የጨው ውሃ ግን ዛፍ ያደርቃል፤ ወደ ፍሳሽ መስመር እንጂ ወደ ግቢው አትክልት አይለቀቅም። ከሁለተኛው መሣሪያ የሚተርፈው በቀን 2 ሜትር ኩብ ውሃም ወደ አትክልቱ አይለቀቅም፤ ለመጸዳጃ ቤት እንጠቀምበታለን።

ውሃ ሲጠፋ አሁን ያለው ማጠራቀሚያ ሁለቱንም መሣሪያዎች ለሁለት ቀን ይመግባል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይችላቸዋል።

ከጸደቀ በኋላ

ማለስለሻው ውል በተፈረመ በ4 ወር ውስጥ ሥራ ይጀምራል። ቧንቧው የሚቆረጠው በእሑድ ሲሆን ማምከኛው ከግማሽ ቀን በላይ አይቆምም። ከተከላው 6 ወር በኋላ አንድ ማሞቂያ ብረት ፈትተን ለቦርዱ እናቀርባለን። ቅርፊት ከያዘ አቅራቢው በራሱ ወጪ እንዲያስተካክል በውሉ ውስጥ አስገብተናል፤ ከክፍያውም 10 በመቶ እስከዚያ ድረስ ይያዝበታል።

አቅራቢው የሰጠን ዋጋ የሚጸናው እስከ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። በዚህ ስብሰባ ካልተወሰነ ሌላ ዋጋ መጠየቅ ይኖርብናል። ጥያቄ ያለው የቦርድ አባል ከስብሰባው በፊት በማንኛውም ቀን ጠዋት ወደ ሆስፒታሉ ቢመጣ፣ የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ማምከኛ ክፍሉንና ቦይለሩን ያሳየዋል።