ለእትዬ፦ የእንግሊዝኛ ንባብ መሰላል

እትዬ፣ እንግሊዝኛ ለመልመድ የያዙትን ጋዜጣ ለጊዜው ይተዉት። እሱ የመሰላሉ ጫፍ ላይ ነው፤ እኛ ከታች እንነሳለን። መጻሕፍቱን ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ላይብረሪ በነፃ ይዋሳሉ።

በሕፃናት መጽሐፍ አይጀምሩ። ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። የአምስት ዓመቱ አሜሪካዊ ልጅ ብዙ ሺህ ቃል በጆሮው ለምዶ ነው መጽሐፍ የሚከፈትለት። እርስዎ የሚፈልጉት ለቋንቋ ተማሪ ተብሎ የተጻፈ ነው። «ኦክስፎርድ ቡክዎርምስ» ብለው ይጠይቁ። ቃላቱ ተመጥነው ነው የተጻፉት፦ መነሻው በ250 ቃል፣ ደረጃ 1 በ400፣ ደረጃ 2 በ700፣ ደረጃ 3 በ1000 እያለ እስከ ደረጃ 6 ይወጣል፤ እሱ 2500 ነው።

ከደረጃ 1 «ዘ ኤለፋንት ማን»ን ይውሰዱ። በለንደን የኖረ፣ መልኩ በበሽታ የተበላሸ ሰው እውነተኛ ታሪክ ነው። ስለ ትልቅ ሰው ኑሮ ስለሆነ ልጅ ያደረገዎት አይመስልዎትም። ከደረጃ 2 የሼርሎክ ሆምስ አጫጭር ታሪኮች አሉ።

እዚህ ላይ አደራ የምልዎት፣ አንድ ስለጨረሱ ብቻ ወደ ላይ አይዝለሉ። ከየደረጃው አራት አምስት ያንብቡ። አንድ ገጽ ላይ የማያውቁት ቃል ከአምስት ካለፈ ወደ ታች ይመለሱ፤ ምንም አያሳፍርም። መዝገበ ቃላትም በየቃሉ አይግለጡ፣ ታሪኩ ይበጠስብዎታል። ሁለቴ ሦስቴ የመጣውን ቃል ብቻ ይጻፉ፤ በእርሳስ፣ በራስዎ ደብተር ላይ። መጽሐፉ የላይብረሪ ነው።

ደረጃ 4 ሲቀልልዎት ያልተቀነሰ መጽሐፍ ይክፈቱ። የኢ. ቢ. ዋይት «ሻርሎትስ ዌብ» ለልጆች የተጻፈ ቢሆንም ያን ጊዜ ይችሉታል። ሸረሪቷ ከበድ ያለ ቃል ስትናገር አሳማው ግራ ይገባዋል፤ እሷም ቁጭ ብላ ታስረዳዋለች። ለተማሪ ከዚህ የሚመች የለም። ደራሲው ራሱ ያነበበው የድምፅ ቅጂ አለ፤ ማታ ከሥራ ሲመለሱ አውቶቡስ ላይ ይስሙት።

ቀጥሎ የሄሚንግዌይ «ዘ ኦልድ ማን ኤንድ ዘ ሲ»። 84 ቀን ዓሣ ያልቀናው ሽማግሌ ታሪክ ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው። የጀልባና የዓሣ ማጥመጃ ቃላቱን ይዝለሏቸው፣ አይጎድልብዎትም።

ከዚያ የመዓዛ መንግሥቴ «ቢኒዝ ዘ ላየንስ ጌዝ»። እንግሊዝኛው ከበድ ይላል፤ ታሪኩ ግን የ1966ቱ አብዮት ነው። ዘመኑን ኖረውበታልና ያልገባዎትን ቃል ነገሩ ራሱ ይነግርዎታል። የእስር ቤቱ ክፍል ልብ ያደማል፤ ከከበደዎት አልፈውት ይሂዱ።

አሁን ግን ስለ እሱ አያስቡ። ቅዳሜ ስደውል የኤለፋንት ማንን ታሪክ በአማርኛ ያወሩልኛል፤ እኔም ማንበብ መጀመርዎን በዚያው አውቃለሁ።